የአምስት ቀን መቅረት እንዴት ሦስት ሳምንት ይሆናል?

ቤት የሚያሠራ ሰው ሳይት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ስንት ረድፍ እንደጨመረ ነው። ቀጥሎ የሲሚንቶውን ክምር ይገምታል፤ ከዚያ ሠራተኛ ይቆጥራል። በቆርቆሮው ቢሮ ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈውን፣ አቧራ የጠጣውን ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። ቢያየውም በግራ በኩል የሥራ ዝርዝር፣ በቀኝ በኩል እንደ ደረጃ ወደ ታች የሚወርዱ ባለቀለም ዘንጎች አይቶ ያልፋል። የሥራ ፕሮግራም ይሉታል፤ ስኬጁል የሚሉትም አሉ። ትክክለኛ ስሙ ጋንት ቻርት ነው። «ቤቴ መቼ ያልቃል?» ለሚለው ጥያቄ ከኮንትራክተሩ አፍ ይልቅ ይህ ወረቀት የተሻለ መልስ አለው፣ ማንበብ ለሚችል ሰው።

ስሙን ያገኘው ሄንሪ ጋንት ከተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ጋንት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በፋብሪካዎች ያለውን ሥራ በዘንግ እየሣለ ያሳይ ነበር። ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መሐንዲስም ከእሱ በፊት ተመሳሳይ ሥዕል ሠርቶ ነበር። የጋንት ሥዕሎች ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጎድላቸዋል። የትኛው ሥራ መቼ እንደሚሠራ ያሳያሉ እንጂ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ አይናገሩም። ዛሬ በኮምፒውተር የሚወጣው ቻርት ከዘንግ ወደ ዘንግ የሚሄዱ ቀጫጭን ቀስቶች ያሉት ለዚህ ነው። ዋናው ነገር ያለውም ከዘንጎቹ ይልቅ በቀስቶቹ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ባለ ሶሌታ ምድር ቤት፣ ከጓሮው ሰርቪስ ቤት ያለው። ባለቤቷ አሁን የምትኖረው በኪራይ ነው፤ ሥራው ጥር 1 ተጀምሮ በ26 ሳምንት፣ ማለትም ሐምሌ 2፣ እንዲያልቅ ተስማምታለች። ፕሮግራሙ እንዲህ ይላል፦

ቁፋሮና መሠረት፦ 5 ሳምንት (ከ1ኛው እስከ 5ኛው)
ኮለን፦ 2 ሳምንት (6–7)
ሶሌታ፦ 3 ሳምንት (8–10)
ሶሌታው የሚጠነክርበት ጊዜ፦ 2 ሳምንት (11–12)
የብሎኬት ግድግዳ፦ 3 ሳምንት (13–15)
የኤሌክትሪክና የውኃ ቱቦ ቀበራ፦ 3 ሳምንት (16–18)
የብረት በርና መስኮት ሥራና ገጠማ፦ 2 ሳምንት (16–17)
ልስን፦ 4 ሳምንት (19–22)
የወለል ሴራሚክ፦ 2 ሳምንት (23–24)
ቀለምና ማጠናቀቂያ፦ 2 ሳምንት (25–26)
ሰርቪስ ቤት፦ 6 ሳምንት (6–11)
የግቢ ንጣፍ፦ 2 ሳምንት (25–26)

በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ መስመር አንድ ዘንግ ነው። የዘንጉ ግራ ጫፍ ሥራው የሚጀመርበትን፣ ቀኝ ጫፉ የሚያልቅበትን ቀን ያሳያል። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ቋሚ መስመር ካለ ደግሞ «ዛሬ» ማለት ነው። ከዚያ መስመር በስተግራ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት።

ማን ማንን ይጠብቃል?

ከኮለን ወደ ሶሌታ የሚሄደው ቀስት «ኮለኑ ሳያልቅ ሶሌታው አይጀመርም» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሶሌታው የሚያርፈው በኮለኑ ላይ ነው። አብዛኞቹ የግንባታ ቀስቶች እንደዚህ ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል።

ግራ የሚያጋባው ከ11ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ዘንግ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሳይቱ ጭር ይላል፤ ውኃ የሚያጠጣ አንድ ሠራተኛና ዘበኛው ብቻ ይቀራሉ። ባለቤቷ መጥታ «ሰው የት ሄደ?» ብላ ብትቆጣ አይፈረድባትም። ነገር ግን ሥራ አልቆመም፤ ኮንክሪቱ እየጠነከረ ነው። ሶሌታውን ከሥር የያዙት አጠናዎች እንደ ጫካ ስለቆሙ ብሎኬት ለመደርደር ቦታ የለም። አጠናው መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ በእኛ ቤት ሁለት ሳምንት ብሏል። ይህ ዘንግ ከሌሎቹ የሚለየው በገንዘብም ሆነ በሰው ብዛት የማያጥር መሆኑ ነው። ሃያ ሠራተኛ ቢጨመር ኮንክሪት ቶሎ አይደርቅም። በሌላ በኩል እሑድንም በዓልንም አይቆጥርም፤ ግንበኛ ለፋሲካ አገሩ ሲገባ ኮንክሪቱ ሥራ ላይ ነው።

ሁለት ቀስት የሚገባበት ቦታም አለ። ልስን የሚጀመረው ቱቦው ተቀብሮ ሲያልቅ፣ የበርና የመስኮት ፍሬሙም ሲገጠም ነው። አንዱ ብቻ ቢያልቅ አይበቃም፤ ለሳኙ የለሰነውን መልሶ መፈልፈል ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ቀስት በሚገናኝበት ቦታ የሚታየው የኋለኛው ቀን ነው። መስኮቱ በ17ኛው ሳምንት ያልቃል፣ ቱቦው በ18ኛው፤ ልስን በ19ኛው ይጀመራል።

ወሳኙ መስመር

አሁን ከመጀመሪያው ሥራ ተነስተን ቀስቶቹን እየተከተልን እስከ መጨረሻው ያሉትን መንገዶች እንቁጠር። በቱቦ በኩል የሚሄደው መንገድ መሠረት 5፣ ኮለን 2፣ ሶሌታ 3፣ መጠንከሪያ 2፣ ብሎኬት 3፣ ቱቦ 3፣ ልስን 4፣ ሴራሚክ 2፣ ቀለም 2 ይደርሳል፤ ድምሩ 26 ሳምንት ነው። በመስኮት በኩል ስንሄድ ከቱቦው 3 ይልቅ 2 ስለምንቆጥር 25 ይሆናል። በሰርቪስ ቤቱ በኩል ደግሞ መሠረት 5፣ ሰርቪስ 6፣ የግቢ ንጣፍ 2፣ በጠቅላላው 13 ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚረዝመው መንገድ ክሪቲካል ፓዝ፣ በእኛ አነጋገር ወሳኙ መስመር፣ ይባላል። ቻርቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ይቀለማል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ዱፖን በተባለው የኬሚካል ኩባንያ የተቀመረ ነው። የቤቱ ማለቂያ ቀን የሚወሰነው በዚህ መስመር ነው። በእሱ ላይ ያለ ማንኛውም ሥራ አንድ ቀን ከዘገየ ቤቱ አንድ ቀን ይዘገያል።

ከወሳኙ መስመር ውጭ ያለ ሥራ ግን ትርፍ ጊዜ አለው፤ መሐንዲሶች ፍሎት ይሉታል። የመስኮቱ ትርፍ አንድ ሳምንት ነው። በወርክሾፑ መብራት ጠፍቶ ሥራው አንድ ሳምንት ቢጓተት ማንም አይጎዳም፤ ለሳኙ ያኔም የሚጠብቀው ቱቦውን ነው። ሦስት ሳምንት ከዘገየ ግን የመጀመሪያው ሳምንት በትርፉ ይዋጣል፣ የተቀሩት ሁለቱ ሙሉ በሙሉ በቤቱ ላይ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ወሳኙ መስመር ቦታውን ቀይሮ ከቱቦ ወደ መስኮት ዞሯል ማለት ነው። ቻርት አንድ ጊዜ ተነብቦ የማይተወው ለዚህ ነው፤ ትናንት ቀይ የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል።

ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ በወረቀት ላይ ባለጸጋ ነው። በ11ኛው ሳምንት ያልቃል ቢባልም የሚጠብቀው የግቢ ንጣፍ በ25ኛው ስለሆነ 13 ሳምንት ትርፍ አለው። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰርቪስ ቤቱን የሚሠሩት ግንበኞችና የዋናውን ቤት ብሎኬት የሚደረድሩት ግንበኞች አንድ ናቸው። ለብሎኬቱ በ13ኛው ሳምንት ይፈለጋሉ። ስለዚህ ሰርቪስ ቤቱ ከ12ኛው ሳምንት ካለፈ ሰዎቹ ከሁለት ቦታ ይጎተታሉ፤ በወረቀት 13 ሳምንት የነበረው ትርፍ ሳይት ላይ አንድ ሳምንት ብቻ ሆነ። ይህንን ቀስት ማንም አልሣለውም። ፕሮግራም ሲሰጣችሁ «የትኛው ቡድን የትኛውን ነው የሚሠራው?» ብላችሁ መጠየቅ የሚገባው እንዲህ ያለውን ያልተሣለ ቀስት ለማግኘት ነው።

አንድ ረቡዕ

እስካሁን ሁሉም ነገር በፕሮግራሙ ሄዷል እንበል። 10ኛው ሳምንት ነው፤ የሶሌታው ፎርምወርክ ተመትቷል፣ ፌራዮው ፌሮውን አስሮ ጨርሷል። ቅዳሜ መጋቢት 10 ሬዲሚክስና ፓምፕ ተቀጥሯል። ከዚያ በፊት የሚቀረው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ኤሌክትሪሻኑ በፌሮው መሐል የመብራት ቱቦዎቹን ዘርግቶ ማሰር አለበት። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ይህ ሥራ አይቻልም፤ ሶሌታ መብሳት ይመጣል። በሳምንት በሚለካ ቻርት ላይ ይህ ሥራ የራሱ ዘንግ እንኳን የለውም፤ «ሶሌታ» በሚለው ዘንግ ውስጥ ተውጧል።

ኤሌክትሪሻኑ ረቡዕ ይመጣል ተባለ። ሌላ ሳይት ይዞት ቀረ። ሐሙስ ስልክ አላነሳም፤ ዓርብ «ነገ» አለ። የመጣው ሰኞ ነው። የቀረው አምስት ቀን ነው። ቅዳሜ የተቀጠረው ፓምፕ ግን አምስት ቀን አይጠብቅም፤ ወደ ሌላ ሳይት ሄደ። ቀጣዩ ክፍት ቀን በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ቅዳሜ መጋቢት 24፣ ሆኖ ተገኘ። አምስቱ ቀን እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ሆነ። አንድ ሥራ ከሌላ ሰው ቀጠሮ ጋር ሲያያዝ መዘግየት በዚያው መጠን አይተላለፍም፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘላል። ታክሲ ያመለጠው ሰው የሚጠብቀው የዘገየበትን ደቂቃ ሳይሆን ቀጣዩ ታክሲ እስኪመጣ እንደሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቀስቶቹ ሥራ ነው። ሶሌታ በወሳኙ መስመር ላይ ስለሆነ ከኋላው ያለው ዘንግ ሁሉ ሁለት ሳምንት ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። አጠናው የሚነሳው በ14ኛው ሳምንት መጨረሻ ነው፣ ብሎኬት ከ15 እስከ 17፣ ቱቦ ከ18 እስከ 20። ልስኑ ቀድሞ ከግንቦት 7 እስከ ሰኔ 4 ነበር፤ አሁን ከግንቦት 21 እስከ ሰኔ 18 ሆነ። በቁጥር ሲታይ የተቀየረ ነገር የለም፤ አራት ሳምንት ነበር፣ አሁንም አራት ሳምንት ነው። የቀን መቁጠሪያውን ለሚያውቅ ሰው ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ክረምት ውስጥ ገብተዋል። የውጭ ግድግዳ ልስን ሳይዝ ዝናብ ከመታው ታጥቦ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር ለሳኙ መከለያውን ይዞ ይቀመጣል። አራቱ ሳምንት አምስት ሆነ። ሴራሚኩም ቀለሙም ተከትለው ተገፉ፤ ቤቱ በ26ኛው ፈንታ በ29ኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 23፣ ያልቃል።

ባለቤቷ «ኢንጂነር፣ የቀረው እኮ ለአምስት ቀን ነው!» ብትል፣ መሐንዲሱ «እትዬ፣ አምስቱን ቀን የወሰደው ኤሌክትሪሻኑ ነው፤ ዘጠኙን ፓምፑ፣ ሰባቱን ዝናቡ» ቢላት ልክ ነው። የማንም ክፋት የለበትም። በአንጻሩ እነዚያኑ አምስት ቀናት የቀረው ሰርቪስ ቤቱን የሚሠራው ግንበኛ ቢሆን ኖሮ የቤቱ ማለቂያ ቀን ንቅንቅ አይልም ነበር።

የት ላይ ሰው ይጨመር?

ሥራ ሲዘገይ የመጀመሪያው ጩኸት «ሰው ጨምሩ!» ነው። ጥያቄው የት ላይ የሚለው ነው። ሰርቪስ ቤቱ ላይ አሥር ሰው ቢጨመር ሰርቪስ ቤቱ ቶሎ ያልቃል፤ ዋናው ቤት ግን አንድ ቀን አይቀድምም። ገንዘብ መፍሰስ ያለበት በወሳኙ መስመር ላይ ነው፣ እሱም በሚያጥሩት ሥራዎች ላይ ብቻ።

መጠንከሪያው አያጥርም ብለናል። አጠናውን በሳምንቱ እናንሳ የሚል ፎርማን ካለ ቤቱን ለአደጋ እያጋለጠ እንደሆነ ይታወቅ፤ ሶሌታው ሊጎብጥ ወይም ሊሰነጠቅ፣ ከከፋም ሊወርድ ይችላል። የቱቦ ቀበራው ግን ሁለተኛ ቡድን ቢገባበት ከሦስት ሳምንት ወደ ሁለት ይወርዳል። ወደ አንድ ማውረድስ? ትርፍ የለውም። መስኮቱ ራሱ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ ለሳኙ ያን ጊዜ መስኮቱን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ቡድን የሚበላው ገንዘብ ከንቱ ነው።

ልስኑም እንዲሁ ይከፈላል። አንዱ ቡድን ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ቢሠራ በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ የመወጣጫ እንጨትና የሁለተኛው ቡድን ዋጋ ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ልስኑ ከ20 እስከ 22 ይሠራል፤ የሚያልቀው ልክ እንደ መጀመሪያው ፕሮግራም ሰኔ 4 ነው። ዝናቡም ስላልደረሰ አምስተኛው ሳምንት ይቀራል። ቤቱ ሐምሌ 2 ያልቃል፤ ሦስቱም ሳምንት ተመለሰ።

ይህ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ብር ብቻ አይደለም። የመስኮቱ አንድ ሳምንት ትርፍ ጠፍቷል። አሁን ቱቦውም መስኮቱም ወሳኝ ናቸው፤ ወርክሾፑ አንድ ቀን ቢዘገይ ቤቱ አንድ ቀን ይዘገያል። በጥር አብራችሁት ልትስቁ የምትችሉትን የብረት ሠራተኛ በግንቦት በየቀኑ መደወል ይኖርባችኋል።

የሚዋሽ ቻርት

ኮንትራክተሩ ከዘገየ በኋላ አዲስ ቻርት ያመጣል። በዚህ ጊዜ አሮጌው መጣል የለበትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሶሌታው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሳለ ማለቂያው አሁንም ሐምሌ 2 ከሆነ፣ መሐል ላይ የሆነ ዘንግ አጥሯል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ፈልጉት። ቱቦና ልስን ከሆነ፣ ሁለተኛ ቡድንም ከተቀጠረ፣ ቻርቱ እውነት ይናገራል። አራት ሳምንት የነበረው ልስን ያለ ምንም ተጨማሪ ሰው ሁለት ሳምንት ከሆነ ግን ያጠረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ያጠረው የሶሌታው መጠንከሪያ ከሆነ ደግሞ ወዲያውኑ መሐንዲሱን መጥራት ነው። ቀስቶቹ ከነጭራሹ ጠፍተው ዘንጎቹ ብቻ ከቀሩም ያስጠረጥራል፤ ቀስት የሌለው ዘንግ ኮንትራክተሩ እንደፈለገ የሚገፋው ነው።

«ሰማንያ በመቶ ደርሷል» የሚለውንም በጥንቃቄ መስማት ነው። የሶሌታው ዘንግ በዚያ ረቡዕ ከሰማንያ በመቶ በላይ ተቀልሞ ነበር፤ እንጨቱም ፌሮውም አልቆ ነበርና። የቀረችው የአንድ ቀን ሥራ ግን ሦስት ሳምንት ይዛ ሄደች። ስለዚህ ምን ያህሉ እንደተሠራ ሳይሆን ምን እንደቀረና የቀረውን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራው መጠየቅ ይሻላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሳይት ስትገቡ ወደ ቆርቆሮው ቢሮ ግቡና የ«ዛሬ»ን መስመር ፈልጉ። መስመሩ የሚያቋርጠውን ቀይ ዘንግ ለዩ። ከዚያ ፎርማኑን «በዚህ ሥራ ላይ ነገ የሚመጣው ማን ነው? ቀጠሮውን ዛሬ አረጋግጠሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ማክሰኞ ማታ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ኤሌክትሪሻኑ ሌላ ሳይት መሆኑ ይታወቅና ለረቡዕ ጠዋት ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር።